ገጹ ለምን 16 ቀን ብቻ ቆየ?

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባልደረባዬ የመጀመሪያ ጌማችንን ስቲም ላይ ለቀቅን፤ ወደቀብን። 20 ሌቭል ያለው የእንቆቅልሽ ጌም ነው። በ10 ወር እንጨርሳለን ያልነው 27 ወር ፈጀ። ኮዱን እኔ ጻፍኩ፤ ሥዕሉንና ማርኬቲንጉን እሷ ያዘች። መሀል ላይ 2 ሰው ኦንላይን የሚጫወትበትን ጨመርን። የስቲም ገጹን የከፈትነው ጌሙ ሊወጣ 16 ቀን ሲቀረው ነው። እስኪወጣ ድረስ 1,150 ጉብኝትና 190 ዊሽሊስት አገኘ። በመጀመሪያው ወር 63 ሰው ገዛ፣ 14ቱ ገንዘባቸውን አስመለሱ። ከ14ቱ 6ቱ ‹ኦንላይን አብሮኝ የሚጫወት ሰው የለም› ብለው ጽፈዋል። አሁን ለምን እንደወደቀ የሚመረምር ፖስትሞርተም እየጻፍን ነው። ረቂቁ ‹ስኮፑ ሰፋብን፤ ማርኬቲንግም አልሠራንም› ይላል። እሷ ‹ኦንላይኑን ያመጣኸው አንተ ነህ› ትለኛለች፤ እኔ ‹ማርኬቲንጉ ያንቺ ነበር› እላታለሁ። ረቂቁን ከኮሚት መዝገቡና ከሥራ ዝርዝራችን ጋር ልኬልዎታለሁ። ምን ጎደለው?»

ወንድሜ፣ ረቂቁን ሁለቴ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ግን የእናንተን ጌም ስም አውጥቼ የሌላ ሰው የወደቀ ጌም ስም ባስገባበት አንድ ቃል መቀየር አያስፈልገኝም። ለሁሉም የሚሆን ፖስትሞርተም ደግሞ ለማንም አይሆንም። «ስኮፑ ሰፋ» የሚለውን ይዘህ ነገ ጠዋት ሥራ ላይ ምን ታደርጋለህ? ምንም።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። የመጀመሪያ ጌሜ በወደቀ በ4ኛው ቀን ንዴቴ ሳይበርድ ቁጭ ብዬ «ለቀጣዩ ብዙ ማርኬቲንግ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሌን ጠበቅኩ። ለ2ኛው ጌም 5 ወር ሙሉ በየቀኑ ስለጥፍ ኖርኩ። እሱም ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የስቲምን የትራፊክ ሪፖርት በወጉ ከፍቼ ያየሁት። ስቲም የጌሜን ትንሿን ሥዕል ለብዙ ሰው አሳይቶልኛል። የሚጫናት ግን አልነበረም። የካርታ ጨዋታ ሠርቼ ሥዕሉ ላይ ግንብና ጀንበር መጥለቂያ አስቀምጬ ነበር፤ ያየው ሁሉ የጦርነት ጌም ይመስለዋል። ጉድለቴ የማርኬቲንግ ማነስ አልነበረም። የመጀመሪያው ፖስትሞርተሜ ይህን ሊነግረኝ አልቻለም፤ ያኔ ቁጥሩን ሳላይ ነበራ የጻፍኩት።

ስለዚህ ከመዝገቡ እንጀምር። ስልክ ደውዬ «ኦንላይኑ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ?» ብዬ ብጠይቅህ «3፣ 4 ወር» ትለኝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። የሰው ትዝታ የሚይዘው ሥራው የደራበትን ጊዜ ነው። ቀሪውን ጥገና «ሌላ ሥራ» እያለ ይረሳዋል። መዝገብ ግን አይረሳም። የኦንላይኑ ኮድ ለብቻው በአንድ ፎልደር ስለሆነ በዚህች ትእዛዝ በየወሩ ስንት ኮሚት እንደገባበት ማየት ትችላለህ፦

```
git log --date=format:%Y-%m --format=%ad -- src/net | sort | uniq -c
```

የመጀመሪያው ኮሚት በሥራችሁ 9ኛ ወር ላይ ነው። የመጨረሻው 22ኛው ወር ላይ። 14 ወር ማለት ነው። ያኔ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የጻፍከው ግምት «6 ሳምንት» ይላል።

አትቸኩል፤ ኮሚት ሰዓት አይደለም። አንዱ የ5 ደቂቃ ነው፣ ሌላው የ3 ቀን። ስለዚህ ከዚያው መዝገብ ተቃራኒውን ጠየቅኩት። ሌቭሎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር በዚያ ጊዜ ምን ላይ ነበር? በ9ኛው ወር 14 ሌቭል አልቋል፤ 6 ቀርቷል። ከ11ኛው እስከ 17ኛው ወር ድረስ ሌቭል ላይ አንድም ኮሚት የለም። ጌሙ 7 ወር ሙሉ ባለበት ቆሞ ነበር። በየቀኑ ትሠራላችሁ፣ ጌሙ ግን ከርሞ ጥጃ።

ለምን 6 ሳምንቱ 14 ወር ሆነ? ፖስትሞርተማችሁ ሰፊ ቦታ መስጠት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ረቂቁ ግን በ1 መስመር አልፎታል። ጌማችሁ ወደኋላ መመለሻ ቁልፍ አለው። ተጫዋቹ ከተሳሳተ ቁልፉን ይጫናል፣ የመጨረሻው እርምጃ ይሰረዛል። ለ1 ሰው ቀላል ነው። እርምጃዎቹን በተራ ታስቀምጣለህ፣ ከላይ እያነሳህ ትሰርዛለህ። ሁለት ሰው ሲሆንስ? እኔ ቁልፉን ስጫን የሚሰረዘው የኔ እርምጃ ነው ወይስ ያንተ? አንተ የገፋኸው ድንጋይ ላይ እኔ ቆሜ ከሆነስ? የኮሚት መልእክቶችህን ሳይ ይህን ነገር 4 ጊዜ አፍርሰህ ሠርተኸዋል። በየፈረሰ ቁጥር ጌሙን የሚያስቀምጠው ክፍል አብሮ ፈርሷል፣ የማቆሚያው ቁልፍም እንዲሁ። ከዚያ ያለቁት 14 ሌቭሎች ለ2 ሰው እንዲሆኑ እንደገና ተስተካከሉ።

ስኮፕ የሚሰፋው እንዲህ ነው። አዲስ ፊቸር ሲመጣ የራሱን ሥራ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ያለቀውን ሥራ እንደገና ያስጀምራል። «6 ሳምንት» ስትል የገመትከው አዲሱን ኮድ ብቻ ነው። ያለቀው እንደሚከፈት አልቆጠርክም። ፖስትሞርተሙ ላይ የምትጽፉት ይህን ነው፦ የትኛው ያለቀ ነገር ተከፈተ፣ ስንት ጊዜ፣ ለምን። የሚቀጥለው ጌም ላይ አንድ ፊቸር ሲታሰብ «ይህ ከገባ ካለቁት ውስጥ የትኞቹ ይከፈታሉ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይገኛል። «ስኮፕ አናስፋ» የሚለው ግን የዓመት በዓል ምኞት ነው።

አሁን ወደ ውሳኔዎቹ። በዝርዝራችሁ ላይ ቀን ያላቸው ሁለት ውሳኔዎች አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው 9ኛው ወር ላይ ኦንላይኑን ማስገባት ነው። ምክንያቱ አጠገቡ ተጽፏል፦ ጌሙን የሞከረ አንድ ጓደኛችሁ «ለ2 ቢሆን ደስ ይል ነበር» አለ። አንድ ሰው። በዚህ አልወቅሳችሁም። ያኔ ሌላ አስተያየት ሰጪ አልነበራችሁም፣ ምክንያቱም ጌሙ መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

2ኛው ውሳኔ ይበልጣል። 15ኛው ወር ላይ ባልደረባህ «ኦንላይኑ ይቆረጥ?» ብላ ጻፈች። ከ2 ቀን በኋላ «ይህን ያህል ከሠራን በኋላ አይሆንም» ብለህ ዘጋኸው። ያለፈው ድካም ቢቆረጥም ባይቆረጥም አይመለስም ነበር። መመዘን የነበረበት የቀረው ነው። ያኔ ኦንላይኑን ብትቆርጡ 6 ሌቭል ብቻ ነበር የሚቀራችሁ። ደግሞ ገጹ ስላልተከፈተ ኦንላይን እንደሚኖር ቃል የተገባለት አንድም ሰው የለም። ፊቸር መቁረጥ የሚያስቸግረው ማስታወቂያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ዝም ማለታችሁ የነበረው ብቸኛ ጥቅም ይህ ነበር፤ እሱንም አልተጠቀማችሁበትም። ይህ ቀን ረቂቁ ውስጥ የለም። ግባ፣ ጻፈው። የአንተ ውሳኔ ስለሆነ የሚጽፈው አንተ ብትሆን ይመረጣል።

ማርኬቲንጉ ጋ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የትኛው ደጃፍ ላይ ሰው እንደቀረ መለየት ያስፈልጋል። ሰው ሥዕሏን ያያል፣ ከወደደ ይጫናል፣ ገጹን አይቶ ዊሽሊስት ያደርጋል፣ ይገዛል፣ ከዚያ ወይ ያስቀረዋል ወይ ያስመልሳል። ከ1,150 ጉብኝት 190 ዊሽሊስት ማለት በግምት ከ6 ጉብኝት 1 ነው። ከ190ው ዘመድና ወዳጅ ስንት እንደሆነ ራሳችሁ ቀንሱ። ቢቀነስም ይህ ሰው አይቶ የሸሸው ገጽ አይደለም። የገባው ሰው ወዶታል። የገባው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ «ገጻችን አስቀያሚ ነበር» ወይም «የእንቆቅልሽ ጌም አይሸጥም» የሚለው ከእናንተ ቁጥር አይወጣም። የሚወጣው «ሰው አልመጣም» ነው። እንደኔው 2ኛ ጌም ብዙ ታይቶ ጥቂት ተጭኖ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። የትራፊክ ሪፖርቱ ላይ ሥዕሏ ስንት ጊዜ እንደታየች አለ፤ እሱን አልላክህልኝም፣ ራስህ አረጋግጥ።

ሰው ለምን አልመጣም? ገጹ 16 ቀን ብቻ ስለቆየ። ስቲም «በቅርብ የሚወጣ» የሚለው ገጽ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ እንዲከፈት ያስገድዳል። እናንተ የግዴታውን ዝቅተኛ ልክ ወስዳችሁ ዕቅድ አደረጋችሁት። የዊሽሊስት ጥቅሙ ደግሞ ይህ ነው፦ ጌሙ ሲወጣ ስቲም ዊሽሊስት ላደረገው ሰው ራሱ ኢሜይል ይልክለታል። በተለቀቀበት ቀን የእናንተ ድግስ የጠራው 190 ሰው ነው ማለት ነው። ሌላም አለ። ስቲም በዓመት 3 ጊዜ ኔክስት ፌስት የሚባል ዝግጅት ያደርጋል። ያልወጡ ጌሞች ዴሞ ይዘው ይቀርባሉ፤ አንድ ጌም የሚሳተፈው አንዴ ብቻ ነው። ከ9ኛው ወር ወዲህ ቢያንስ 4 ኔክስት ፌስት አልፏችኋል። ዴሞ የሚሆን ነገር ግን በእጃችሁ ነበር፤ ከ14ቱ ያለቁ ሌቭሎች 3ቱን መስጠት ይበቃ ነበር።

እሺ፣ ገጹስ ለምን 27ኛው ወር ድረስ ቆየ? «ማርኬቲንጉ ያንቺ ነበር» የምትለው ነገር ውኃ የማያነሳው እዚህ ላይ ነው፤ አትቀየመኝ። የሥራ ዝርዝሩን ተመልከት። «የስቲም ገጽ መክፈት» የሚል ሥራ 8ኛው ወር ላይ በስሟ ተመዝግቧል። ከዚያ 5 ጊዜ ወደፊት ተገፍቷል። የመጀመሪያው የተገፋው 10ኛው ወር ላይ ነው፤ በዚያው ሳምንት ምን ተመደበላት? የ2ኛውን ተጫዋች ገጸ ባሕርይ መሳል፣ ከነ እንቅስቃሴው። እስከ 16ኛው ወር ድረስ የእሷ ዝርዝር ሌላ ነገር የለውም። መራመጃ፣ መግፊያ፣ መውደቂያ፣ ሁለቱ ሲጋጩ የሚሆኑት። ኦንላይኑ ሲገባ ሥራው በእጥፍ የጨመረባት ሰውና ገጹን መክፈት የነበረባት ሰው አንድ ናቸው። ያን ቀን ማርኬቲንጉ የሚሠራው ሰው አጣ፤ እንዳጣ ግን ሁለታችሁም አላያችሁም።

እና አሁን ያዝልኝ ወዳልኩህ ልመለስ። ረቂቁ ስኮፕንና ማርኬቲንግን ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አድርጎ ጽፏል። በእናንተ ጌም ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የመጣው። ገጽ ስላልነበረ አስተያየት የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የ1 ጓደኛ ቃል ትልቅ መሰለ። በዚያ ቃል ኦንላይን ገባ። ኦንላይኑ ገጹን የሚከፍተውን እጅ ወሰደ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ኦንላይን ከፊቸሮች ሁሉ ሰው በብዛት የሚፈልገው መሆኑ ነው። ለ1 ሰው የሆነ እንቆቅልሽ 49 ሰው ቢገዛውም 49ኙም ይጫወቱታል። ኦንላይን ግን በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ገብቶ ካልጠበቀህ ባዶ ክፍል ነው። 63 ገዢ በወር ውስጥ ተበታትኖ ሲገባ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት የመገናኘቱ ነገር ዕድል ነው። ብዙ ሕዝብ የሚፈልግ ፊቸር ጨመራችሁ፣ ሕዝቡን የምትጠራውን ሰው ደግሞ እሱኑ እንድትሠራ አደረጋችኋት። 6ቱ አስመላሾች የጻፉት ይህንኑ ነው። ስቲም ላይ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ በ2 ሳምንት ውስጥ ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል፤ ባዶ ክፍል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ስለዚህ በረቂቁ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ፋንታ እንዲህ ያለ ነገር ይግባ፦

«9ኛው ወር ላይ፣ 14 ሌቭል አልቆ ሳለ፣ በ1 ሰው አስተያየት ኦንላይን አስገባን። 6 ሳምንት ገምተን 14 ወር ወሰደ፤ ምክንያቱም ወደኋላ መመለሻው፣ ማስቀመጫውና ያለቁት ሌቭሎች ሁሉ እንደገና ተከፈቱ። 10ኛው ወር ላይ የስቲም ገጹን የምትከፍተው ሰው ወደ 2ኛው ገጸ ባሕርይ ሥዕል ተዛወረች፤ ገጹን ማን እንደሚከፍት አልተነጋገርንም። 15ኛው ወር ላይ ኦንላይኑን የመቁረጥ ሐሳብ ቀርቦ ያለ ንግግር ተዘጋ። ገጹ 16 ቀን ብቻ ቆይቶ ጌሙ በ190 ዊሽሊስት ወጣ። ኦንላይኑ የሚጫወትበት ሰው አላገኘም።»

ይህን ያነበበ ሰው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይፈልግም። ምን ቀን ምን እንደተወሰነ ግን ያያል። ስም የማይጻፈው ለይሉኝታ አይደለም። «እሱ አመጣው» ከተባለ ለቀጣዩ ጌም የሚወሰደው ትምህርት «እሱን አትስሙት» ነው የሚሆነው፤ እሱ ደግሞ አይጠቅማችሁም።

ከዚህ ሁለት ነገር ብቻ ለቀጣዩ አውጡ። አንዱ፣ ለመታየት የሚበቁ 3 ሌቭሎች ባለቁበት ሳምንት ገጹ ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት አዲስ ፊቸር አይገባም። ሁለተኛው፣ አዲስ ፊቸር ሲገባ በዚያው ቀን የማን የትኛው ሥራ እንደሚቆም በጽሑፍ ይቀመጣል። የሁለቱንም መፈጸም አለመፈጸም ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት ይቻላል። «ማርኬቲንግ ቶሎ እንጀምር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ማንም ሊጠይቃችሁ አይችልም፤ ቶሎ ማለት መቼ ነው?

ስለማይታወቀውም ሐቀኛ ሁኑ። ገጹ 18 ወር ቢቆይ ኖሮ ጌሙ ይሸጥ ነበር ወይ? ከዚህ መዝገብ አይታወቅም። 14 አስመላሽም ትንሽ ቁጥር ነው። ከ6ቱ ውጭ ያሉት 8 ሰዎች ምን ምክንያት እንደመረጡ ስቲም ያሳይሃል፤ ረቂቁ ላይ ስለእነሱ ምንም የለም። «በጣም ከባድ ነው» የሚል ካለበት እሱ ሌላ ታሪክ ነው፣ ለብቻው ይጻፍ።

እግረ መንገድህን የጌሙን ገጽ ክፈት። የመጀመሪያው ሥዕልና የቪዲዮው መግቢያ አሁንም 2 ሰው ኦንላይን ሲጫወቱ ነው የሚያሳየው። ዛሬ የሚገባው ገዢ የሚጠብቀው እሱን ነው፣ የሚያገኘው ደግሞ ባዶ ክፍል። የ1 ሰው እንቆቅልሹን ወደፊት አምጣው፣ ኦንላይኑን ወደታች አውርደህ «ከጓደኛ ጋር ተቀጣጥሮ የሚጫወቱት» በለው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዋጋ ለመቀነስ ስታስብም 20 በመቶና ከዚያ በላይ አድርገው፤ ዊሽሊስት ላይ ላሉት ስቲም የቅናሽ ኢሜይል የሚልከው ከዚያ ጀምሮ ነው። የቀሩት ዊሽሊስቶች ኢሜይሉን ከማግኘታቸው በፊት ግን ገጹ ይስተካከል።

ከባልደረባህ ጋር ስትቀመጡ ይህን መልስ ቀድመህ አታንብብላት። ሁለታችሁም ለየብቻ ወረቀት ያዙና ከ8ኛው እስከ 16ኛው ወር ምን እንደተወሰነ ከትዝታ ጻፉ። ከዚያ ከኮሚት መዝገቡና ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩት። 10ኛው ወር ላይ የእሷ ወረቀት ምን እንደሚል ሳታየው ረቂቁን አትዝጋው።